«አንተ ምን አገባህ?» ላሉት

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ሄርማታ ነው። ያደግኩት ግን ከከተማ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ፣ አክስቴ ዘንድ ነው። ከአክስቴ ማሳ በላይ የግለሰብ ቡና ማጠቢያ ተተክሏል። ቡና በደረሰ ቁጥር ፍሳሹን ወደ ወንዙ ይለቁታል። ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ከብት አይቀምሰውም። አክስቴ መክሰስ አትፈልግም፤ እሸት ቡናዋን የምትሸጠው ለዚያው ማጠቢያ ነው። እኔ ወረዳው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ኃላፊው «መሬት የለህ፣ ከብት የለህ፣ አንተ ምን አገባህ? የተጎዳ ካለ ራሱ ይምጣ» ብሎ መለሰኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ አዋጅ 1183 የሚባል በቴሌግራም ልኮልኝ «በዚህ ክሰሳቸው» ይለኛል። ጽሕፈት ቤቱን መክሰስ እችላለሁ? ወይስ እውነትም አያገባኝም?
ያገባኛል ባይ፣ ከጅማ

ወንድሜ፣ ያገባሃል። ግን ጓደኛህ ባሳየህ በር አትግባ። ክሱንም በጽሕፈት ቤቱ ላይ አታቅና። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

በመጀመሪያ ለኃላፊው ትንሽ ፍትህ ልስጠው። የተናገረው ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 አለ። በክሱ ነገር ላይ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን አይችልም ይላል። ጅማ መርካቶ ውስጥ ጎረቤትህ ከሱቅ አከራዩ ጋር ቢጣላ፣ አንተ ተነስተህ ስለ እሱ ልክሰስ ብትል ዳኛው ያሰናብትሃል። ውሉ ያንተ አይደለም፣ ኪራዩን አልከፈልክም፣ ከሱቁም የሚያስወጣህ የለም። ሕጉ እንዲህ ባይሆን ኖሮ በሰው ጉዳይ ገብቶ የሚካሰሰው ብዛቱ!

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ቅሬታ ሲቀርብም ልማዱ ይኸው ነው። ግብር የተጫነበት ነጋዴ ይከራከራል፤ የግብር ውሳኔው ስሙን ይዞ መጥቷል። ቦታው ለልማት የተወሰደበት ባለይዞታ ይከራከራል፤ የመልቀቂያ ትዕዛዙ በእጁ ነው። ፈቃዱ የተሰረዘበት ይከራከራል። እነዚህ ሁሉ «ውሳኔው እኔን በቀጥታ ነክቶኛል» የሚሉበት ወረቀት አላቸው። ሕግ አዋቂ ቀጥተኛ ጥቅም ሲል ይህንን ነው።

ወንዝ ላይ ስትደርስ ግን ነገሩ ይበላሻል። ፍሳሽ ሲለቀቅ ስምህን የያዘ ደብዳቤ አይጻፍልህም። ከወንዙ ዳር ሃምሳ አባወራ ቢኖር የሃምሳውም ጉዳት ትንሽ ትንሽ ነው። ከብቱን ሌላ ወንዝ ድረስ ነድቶ የሚያጠጣ ሰው ለዚያች ለምታደክም መንገድ ሲል ጠበቃ አይቆምም። የባሰው ደግሞ አንተ የጻፍከው ነው፤ መክሰስ የሚችለው ሰው መክሰስ አይፈልግም። አክስትህ እኮ ተራ ከሳሽ አይደሉም። ማሳ አላቸው፣ ከብት አላቸው፣ ውሃው በደጃቸው ያልፋል። ቁጥር 33ን ለማለፍ ከእሳቸው የተሻለ ሰው አይገኝም። ግን እሸታቸውን የሚረከባቸው ማጠቢያው ነው። ሌላው ገዢ ሩቅ ነው፣ እሸት ቡና ደግሞ አያድርም፣ በለቀሙት ቀን መሸጥ አለበት። ሚዛኑ ላይ የሚቆመው ሰው ፊቱን ካዞረባቸው ዓመቱ ተበላሸ ማለት ነው። እኔም ብሆን እንደ አክስትህ ዝም እላለሁ።

ስለዚህ ቀጥተኛ ጥቅም ያላት ሴት አፏ ተይዟል፤ አፉ ያልተያዘው አንተ ቀጥተኛ ጥቅም የለህም። ሕግ አውጪው ይህን ቀዳዳ ያየው ይመስለኛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። እንግዲህ «አንተ ምን አገባህ» የሚለውን ጥያቄ ሕጉ ራሱ ከኃላፊው አፍ ነጥቆታል። ከጊንጆ የመጣ፣ በአዌቱ ወንዝ እጁን እንኳ ታጥቦ የማያውቅ ሰው ስለ አዌቱ ማመልከት ይችላል። አንተም ስለ አክስትህ ወንዝ ትችላለህ። የሕዝብ ጥቅም ክስ ሲባል የምትሰማው ይኸው ነው፤ ከሳሹ ለራሱ የሚወስደው ነገር የለም።

ይህ ማለት ግን ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ሄደህ ክስ ትከፍታለህ ማለት አይደለም። በሩ ሰፊ ቢሆንም መግቢያው ተራ አለው። ብዙ ሰው የሚወድቀው መብቱ ጠብቦት ሳይሆን ተራውን ሳይጠብቅ ነው።

የመጀመሪያው ተራ የጽሑፍ አቤቱታ ነው። አንተ «ነገርኳቸው» ነው ያልከው። መንገር አቤቱታ አይደለም፤ ቀን የለውም። አዋጁ ለመሥሪያ ቤቱ ሠላሳ ቀን ይሰጠዋል። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው አንተ ከኃላፊው ጋር ከተወዛገብክበት ቀን አይደለም፤ ደብዳቤህ መዝገብ ቤት ገብቶ ማኅተምና ገቢ ቁጥር ካረፈበት ቀን ነው። ስለዚህ እስካሁን አንድ ቀንም አልተቆጠረልህም። ሁለት ቅጂ ይዘህ ሂድ፤ አንዱን ለእነሱ ስጥ፣ በሁለተኛው ላይ አስመትተህ ውሰድ። አንቀበልም ካሉህ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላከው፤ ደረሰኙን አትጣል።

አድራሻው ላይ ተጠንቀቅ። አዋጁ የሚለው የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ለወረዳው ብቻ ጽፈህ ፍርድ ቤት ብትሄድ የማጠቢያው ጠበቃ «ሕጉ ወዳዘዘው መሥሪያ ቤት አላመለከተም» ሊል ይችላል። ክርክሩን ታሸንፈው ይሆናል፤ ግን ወራት ይበላብሃል። ስለዚህ ደብዳቤህን ለክልሉ መሥሪያ ቤት አድርገው፣ ለዞኑና ለወረዳው ደግሞ ግልባጭ ስጥ። ይህን ያህል ቀላል ነው።

ደብዳቤው ረጅም አይሁን። ማን ነው የሚለቀው፣ ከየት ቦታ፣ ወደ የትኛው ወንዝ፣ መቼ መቼ፣ ምን አየህ፣ ምን እንዲደረግ ትፈልጋለህ። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን መቅረት የለበትም። ይህችን ውሰዳት፦ «ይህን አቤቱታ የማቀርበው በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት እንደ ማንኛውም ሰው ሲሆን፣ ለራሴ የምጠይቀው ካሳ የለም።» ኃላፊው አሁንም ምን አገባህ ካለህ በጽሑፍ ይበልህ። ያ ወረቀት በኋላ ይጠቅምሃል።

አሁን ቀኑን እንቁጠረው። ደብዳቤህ ጥቅምት 12 ገባ እንበል። የእኛ ወር ሠላሳ ሠላሳ መሆኑ ለእንዲህ ዓይነት ነገር በረከት ነው፤ ሠላሳ ቀን ኅዳር 12 ይሞላል። ኅዳር 12 ድረስ ውሳኔ ካልሰጡህ፣ ወይም የሰጡህ ውሳኔ ካልጣመህ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። ለዚህም ስልሳ ቀን አለህ። ውሳኔ ካልመጣ ስልሳው የሚቆጠረው ጊዜው ካለፈበት ቀን ስለሆነ ጥር 12 ያበቃል። ውሳኔው ቀደም ብሎ ኅዳር 5 ቢሰጥ ደግሞ መጨረሻህ ጥር 5 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሃያ ስምንተኛው ቀን አካባቢ «ጉዳዩ በኮሚቴ እየተጣራ ስለሆነ በትዕግሥት ይጠብቁ» የምትል ደብዳቤ ልትመጣ ትችላለች። ሰው ደስ ይለዋል፤ መልስ መጣ ብሎ ይቀመጣል። እሷ ውሳኔ አይደለችም። ኮሚቴው እስከ የካቲት ቢያጣራ፣ የካቲት ላይ ስትከስ ጊዜህ አልፏል ሊሉህ ነው። ውሳኔ እስካልሰጡህ ድረስ ምንም ይጻፉልህ ምን፣ ስልሳህን ከሠላሳኛው ቀን ቁጠር። ከቸኮልክ የምትጎዳው ነገር የለም።

ቀጥሎ የጠየቅከው ነገር፣ ጽሕፈት ቤቱን መክሰስ። ስሜትህ ይገባኛል። ያናደደህ ማጠቢያው ብቻ ሳይሆን ያንተን አቤቱታ በአንድ ቃል የመለሰው ኃላፊ ነው። ግን አንቀጽ 11 አቤቱታው በማን ላይ እንደሚቀርብ ይናገራል፤ ጉዳት በሚያደርሰው ላይ ነው። ይህን ጥያቄ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አይቶታል። አፓፕ በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው የሰብዓዊ መብት ማኅበር በአቃቂ ወንዝ ብክለት ምክንያት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሶ ነበር። የክሱ ሐሳብ ባለሥልጣኑ ተግባሩን አልተወጣም የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ክሱን አልተቀበለውም። ባለሥልጣኑ ወንዙን የበከለ አካል ስላልሆነ ክሱ መቅረብ ያለበት በበካዮቹ ላይ ነው ተባለ።

እኔ በዚያ ውሳኔ አልስማማም። ተቆጣጣሪው ካልተቆጣጠረ እሱን ማን ይቆጣጠረዋል? የአፓፕ ሰዎች የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ልብ በል ግን፤ እዚያ ጉዳይ ላይ እንቅፋት የሆነው ከሳሹ ማን ነው የሚለው ብቻ አልነበረም። የተከሳሹ ማንነት ነበር። ብዙ ሰው የመክሰስ መብቱ ከተከፈተለት በኋላ ማንንም መክሰስ የሚችል ይመስለዋል። የከሳሽነት መብት አንድ ነገር ነው፤ ትክክለኛውን ተከሳሽ መያዝ ሌላ ነው። ፍርድ ቤቶች አቋማቸውን እንዲቀይሩ መታገል የሚፈልግ ማኅበር ይታገል፤ ደስ ይለኛል። አንተ ግን የአክስትህ ወንዝ ዘንድሮ እንዲጠራ ከፈለግህ የማጠቢያውን ባለቤት ክሰስ።

ጓደኛህ የላከልህ አዋጅ 1183/2012 ጥሩ አዋጅ ነው። ስሙን ግን እስከ መጨረሻው አላነበበውም፤ «የፌዴራል» የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ይላል። የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያና ውሳኔ በፍርድ ቤት የሚታይበት መንገድ ነው። ያንተ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የክልል ነው። አዋጁን ጠቅሰህ ብትሄድ መልሱ «እዚህ አይሠራም» ይሆናል። በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234ም እንዲሁ ነው። በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት ያሉ መብቶችን በተመለከተ በቂ ምክንያት ያለው ሰው የሌሎችን መብት ለማስከበር ሊከስ ይችላል ማለቱ ለሕዝብ ጥቅም ክስ ትልቅ ነገር ነው። በሩ ግን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በር ነው። አንተን የሚመለከተው የክልሉ ፍርድ ቤት ነው። እግረ መንገዴን፣ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታህን በአማርኛ ብቻ አዘጋጅተህ እንዳትሄድ፤ ጸሐፊም ሆነ ጠበቃ ከወዲሁ ያዝ።

በጽሕፈት ቤቱ ላይ ያለህ ንዴት ግን መውጫ የለውም አላልኩም። ማጠቢያው ሲተከል የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ቀርቦ ከሆነና ፈቃዱ የተሰጠው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ከሆነ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አንቀጽ 17 ሌላ መንገድ ያሳይሃል። በፈቃዱ ወይም በክትትሉ ያልተደሰተ ማንኛውም ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። እዚህም ቃሉ «ማንኛውም ሰው» ነው። ኃላፊውም በሠላሳ ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ስለዚህ በዚያው ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ የግምገማ ሰነዱን እንዲያሳዩህ ጠይቅ። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት መሆን ያለበት ነገር ነው። ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ስንት እንደሆነ፣ ስንት እሸት በቀን ይታጠባል ብለው እንዳስገቡ እዚያ ታገኛለህ። ብዙ ጊዜ በወረቀቱ ላይ ሦስት ጉድጓድ ይኖራል፤ መሬቱ ላይ ግን አንድ፣ እሱም የሞላ።

አሁን ወደ ክሱ እንምጣ። አንድ የራሴን ስህተት ልንገርህ። ጠበቃ በሆንኩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ስለ አንድ ፋብሪካ ፍሳሽ ክስ ጻፍኩ። ደንበኛዬ እንዳንተ ከተማ የሚኖር፣ ሕሊናው የነደደ ሰው ነበር። እኔም ተቃጥዬ ስለነበር በዳኝነት መጠየቂያው ላይ ያላስገባሁት የለም። ይቁም፣ ይጽዳ፣ ለተጎዱት ገበሬዎች ካሳ ይከፈል፣ ወጪና ኪሳራ። ተከሳሹ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቀረበ፤ ካሳ የሚጠየቅላቸው ሰዎች በመዝገቡ ላይ የሉም፣ ከሳሹ ደግሞ ካሳው የእሱ አይደለም አለ። እውነቱን ነበር። ዳኛው ያንን መቃወሚያ ሲያዩ፣ እኔ መልስ ስሰጥ፣ ተሻሽሎ ይቅረብ ሲባል፣ ወቅቱ አለፈ። ደንበኛዬም ሰለቸው። በሩ የተዘጋብኝ በራሴ ስግብግብነት ነው።

ስለዚህ አንተ የምትጠይቀው ዳኝነት ሁለት ነገር ብቻ ይሁን። ፍሳሹን ወደ ወንዙ መልቀቅ እንዲያቆም፣ እና የተበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል። የበከለ ያጽዳ የሚለው እዚያው አዋጅ 300 ውስጥ አለ። እንዲያውም ለጤና ወይም ለአካባቢ አደጋ የሆነ ድርጅት እስከ መዘጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ መዛወር የሚደርስ እርምጃ ሊወሰድበት ይችላል። ማቆምና ማጽዳት የሁሉም ጥቅም ነው፤ ከአንተ ባለቤትነት አይፈልግም። ካሳ ግን የአንድ ሰው ኪስ ነው። ካሳ የምትል ቃል ከገባች ቁጥር 33 ተመልሶ ይመጣል።

መቃወሚያው ለማንኛውም መምጣቱ አይቀርም። የማጠቢያው ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው «ከሳሹ የመክሰስ መብት የለውም» የሚለውን ነው፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት። አትደንግጥ። መልስህ አጭር ነው። ቁጥር 33 አጠቃላይ ደንብ ነው፤ አዋጅ 300 ለዚህ ጉዳይ ተለይቶ፣ ከዓመታት በኋላ የወጣ ሕግ ነው፤ ልዩ ሕግ ባለበት አጠቃላዩ ወደ ኋላ ይላል። ከዚያ ገቢ ቁጥር ያለበትን ደብዳቤህን አሳይተህ ሠላሳውንና ስልሳውን ቀን ቆጥረህ አስረዳ። ዳኛው ብይኑን ሲሰጥ የሚያየው እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው።

ማስረጃ ግን ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ቡና ወቅት አለው። ማጠቢያዎቹ የሚሠሩት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ግድም ነው። ቀን ቆጥረን ጥር 12 ደርሰናል። ጥር ላይ ዳኛው «ሄደን እንየው» ቢሉ ወንዙ ኩልል ብሎ ይፈሳል። ተከሳሹም «የትኛው ብክለት?» ይላል። ስለዚህ ማስረጃህ የሚሰበሰበው አሁን ነው፤ ክሱ ሲደርስ አይደለም። ደብዳቤህን ያስገባህ ዕለት ተቆጣጣሪ እንዲመደብና ናሙና እንዲወሰድ በጽሑፍ ጠይቅ። የአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ግቢው ገብተው ናሙና የመውሰድ ሥልጣን አላቸው። ካልመጡ አለመምጣታቸውም ማስረጃ ነው።

አንተም ዝም ብለህ አትጠብቅ። ናሙና ሁለት ቦታ ይወሰዳል፤ ከፍሳሹ መግቢያ በላይና በታች። አንድ ጠርሙስ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ምንም አላስረዳም፤ «ወንዙ ከላይም እንዲህ ነው» ይባላል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። የቡና ፍሳሽ ከሌላ ቆሻሻ በምን ይለያል መሰለህ? ከፍሬው ላይ የሚለቀቀው የሚያዳልጥ ስኳር ውሃ ውስጥ ይብላላል፤ እየኮመጠጠ ይሄዳል። ሲብላላ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ዓሣው የሚሞተው፣ ሽታውም የሚመጣው በዚህ ነው። ስለዚህ ላቦራቶሪ የምትጠይቀው የውሃውን አሲድነት፣ የሟሟውን ኦክስጅን እና ውሃው ሲብላላ የሚፈጀውን የኦክስጅን መጠን ነው። በቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ላይ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ሠርተዋል፤ ማንን እንደምትጠይቅ እዚያ ይነግሩሃል። ናሙናው ሲወሰድ ሁለት ሰው ይቁም፤ ሰዓቱና ቦታው ይጻፍ፤ ፎቶም ይነሳ። ብዙዎቹ የሚለቁት ሌሊት ወይም ዝናብ ሲጥል ነው፤ ስለዚህ ማለዳ ሂድ።

ወቅቱ ቢያልፍብህም ሁሉም አልቋል ማለት አይደለም። አንቀጽ 11 የደረሰ ጉዳት ብቻ ሳይሆን ሊደርስ የሚችል ጉዳትንም ይይዛል። ጉድጓዱ ሞልቶ፣ ቱቦው ወደ ወንዙ አፉን ከፍቶ ከተቀመጠ፣ የሚቀጥለው መስከረም ምን እንደሚመጣ ለማስረዳት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ስለ አክስትህ መንገድም ትንሽ ልበል፤ አንድ ቀን ሐሳባቸውን ሊለውጡ ይችላሉ። የእሳቸው ክስ ካንተ ክስ የተለየ ነው። እሳቸው የሚጠይቁት ካሳ ነው፤ የሞተ ጊደር፣ የደረቀ ጎመን፣ የሕክምና ወጪ። ለዚያ አዋጅ 300ን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ኃላፊነት ይበቃል። ጊዜው ግን ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ ቁጥር 2143። አምና ጥቅምት ጊደር ሞቶባቸው ከሆነ የከርሞው ጥቅምት ሳይደርስ ነው መወሰን ያለባቸው። ብቻዬን ፊቴን አላሳይም ካሉ፣ ተመሳሳይ ጉዳት ያለባቸው ጎረቤቶች አንድ ላይ ሊከሱ ይችላሉ። በፍርድ ቤት ፈቃድ አንዱ ለሁሉም ቆሞ ሊከራከርም ይችላል፤ ይህ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 38 ያለ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ማኅበር ስለ አባላቱ፣ ተመሳሳይ ጥቅም ካላቸው ሰዎች አንዱ ስለ ሌሎቹ ፍትሕ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል።

እዚህ ላይ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። አንቀጽ 37 እንደ አዋጅ 300 አይደለም። እዚያ የሚከሰው ሰው ወይ የቡድኑ አባል ነው፣ ወይ ቡድኑን ይወክላል። አንተ ሄርማታ ተቀምጠህ የወንዙ ዳር ገበሬዎች ተወካይ ነኝ ብትል «ማን ወከለህ?» ትባላለህ፤ መልስም የለህም። ቀበሌው ውስጥ የተመዘገበ ማኅበር ካለና አባላቱ የወንዙ ሰዎች ከሆኑ፣ እሱ ይችላል። እድርም ቢሆን ሕጋዊ ሰውነት አግኝቶ የተመዘገበ መሆኑን መጀመሪያ አጣራ፤ ሰውነት የሌለው እድር በእድሩ ዳኛ ስም ብቻ ፍርድ ቤት ቢቆም ያው ቁጥር 33 ይጠብቀዋል።

እኔን ብትጠይቀኝ ሁለቱን መንገድ አትቀላቅላቸው። አንተ የማቆሙን ክስ ብቻህን ያዝ። አንተ ካሸነፍክ ፍርዱ በማጠቢያው ላይ ብክለት መኖሩን በጽሑፍ ያስቀምጣል። አክስትህና ጎረቤቶቻቸው በኋላ ካሳ ቢጠይቁ ያ ፍርድ ትልቅ ማስረጃ ይሆናቸዋል።

ደብዳቤውን ስትጽፍ የአክስትህን ስም አታንሳ። ማሳቸውንም እንደ ምልክት አትጥቀስ፤ ከድልድዩ ወይም ከመንገዱ ተነስተህ ለካ። አንተ መሬት የለህም፣ ከብት የለህም፣ እሸትም አትሸጥም። ኃላፊው እንደ ጉድለት የቆጠረብህ ይኸው ነበር፤ ለዚህ ክስ ግን የሚያስፈልገው እንዳንተ ያለ ሰው ነው። «ማን ነገረህ?» ካሉህ፣ ማለዳ ሄደህ በዓይንህ ያየኸውንና በጠርሙስ የቀዳኸውን ትናገራለህ።